ክንዷ ላይ ጭረት አየሁ፤ «ድመት ናት» አለችኝ

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። እህቴ ቤይሩት ነው የምትሠራው። ልጇን ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ የማሳድጋት እኔ ነኝ። አሁን 14 ዓመቷ ነው፣ 8ኛ ክፍል ናት። ባለፈው እሑድ ፀጉሯን ስሠራት የሹራቧ እጅጌ ተሰብስቦ ክንዷ ላይ የተደረደሩ ጭረቶች አየሁ። አንዳንዱ የቆየ ነው። ‹ድመት ናት› አለችኝ። እኛ ቤት ድመት የለም። ባለቤቴ ‹ስልኳን ቀሚያት፣ አንድ ቀን በደንብ ትገረፍና ይለቃታል› ይላል። እናቴ ጸበል ውሰዷት ትላለች። እኔ ራሷን ልታጠፋ ነው ብዬ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ለእናቷስ ምን ብዬ ልንገራት?»

እህቴ፣ ዶክተር ብለሽኛል፤ እኔ እንኳ ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት ነኝ። መድኃኒት የሚያዙት ሳይካትሪስቶች ናቸው። ልዩነቱ በኋላ ይጠቅምሻል። አሁን እንቅልፍ ከነሳሽ ነገር እንጀምር።

ራሷን ልታጠፋ ነው ወይ? ምናልባት አይደለም። ግን ከሩቅ ሆኜ እኔም፣ ከጎኗ ሆነሽ አንቺም መገመት የለብንም። መጠየቅ ነው። ቆዳቸውን የሚጎዱ ልጆች ብዙዎቹ በዚያች ሰዓት መሞት አይፈልጉም። የሚፈልጉት ያቺን ሰዓት ማለፍ ነው። ሆኖም ሁለቱ ነገሮች ጨርሶ አይገናኙም ብዬ ላታልልሽ አልችልም። ራሳቸውን ደጋግመው የሚጎዱ ልጆች ውሎ አድሮ ራስን ለማጥፋት የመሞከር ዕድላቸው ከሌሎች ይበልጣል። ስለዚህ «ልጅነት ነው፣ ይተዋታል» ማለትም፣ ሌሊቱን በሯ ላይ ቆሞ ማደርም ልክ አይደለም።

«ብጠይቃት ያላሰበችውን አሳስባታለሁ» ብለሽ ትፈሪ ይሆናል። ይህን ፍርሃት ከወላጅ ሁሉ እሰማለሁ። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ አንድ የኒውዮርክ ጥናት ከ2,300 በላይ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ለሁለት ከፍሎ ግማሾቹን ስለ ራስን ማጥፋት ጠየቀ፣ ግማሾቹን አልጠየቀም። የተጠየቁት ካልተጠየቁት የባሰ አልተጨነቁም፤ ሐሳቡም አልበዛባቸውም። ይልቅ ቀድሞም ድባቴ ውስጥ የነበሩት ልጆች ሲጠየቁ በመጠኑ ቀለል ብሏቸዋል።

የት ትጠይቂያት? ያየሽበት ቦታ ጥሩ ቦታ ነው። ፀጉሯን እየሠራሽ። ይህን ቀልድ አታድርጊው፤ ፊት ለፊት አስቀምጠሽ «ዓይኔን እያየሽ ንገሪኝ» ካልሻት ፍርድ ቤት ይሆናል። ፀጉር ሲሠራ ግን ፊትሽን አታይም፣ አንቺም ፊቷን አታዪም። እጅሽ ሥራ ይዟል። ዝም ብትሉም ዝምታው አይከብድም። ባለቤትሽ ከቤት የሌለበትን ሰዓት ምረጪ።

እንዲህ በያት፦ «ባለፈው ክንድሽን አይቻለሁ። ድመት እንዳልሆነ ገብቶኛል። አልተቆጣሁሽም። በጣም ከብዶሽ እንደነበር ግን ገምቻለሁ።» ከዚያ ዝም በዪ። አንድ ጉንጉን እስክትጨርሺ ድረስ ዝም በዪ። ብታለቅስ አታባብያት፣ «ይብቃሽ» አትበያት። «ለምን?» የምትለዋንም ቃል ለጊዜው ተያት። በእኛ ቤት «ለምን?» ጥያቄ ሳይሆን ክስ ነው። «ምን አጥተሽ ነው?» ደግሞ የባሰ ነው፤ ምንም ያላጣ ሰው ሊከፋው አይችልም ማለት ስለሆነ አፏን ይዘጋዋል።

ትንሽ ከተናገረች በኋላ ቀጥ አድርገሽ ጠይቂያት፦ «አንዳንድ ሰው በጣም ሲከፋው መሞትን ያስባል። አንቺስ አስበሽ ታውቂያለሽ?» «አዎ» ካለች ቀጥዪ። መቼ? እንዴት ብላ እንደምታደርገው አስባለች? ሰሞኑንስ፣ ዛሬስ? ያሰበችበት መንገድ ካለ፣ ወይም «ዛሬም አስባለሁ» ካለች፣ ብቻዋን አትተያት። በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ውሰጃት። ምንም ዓይነት ክኒን ወይም ኬሚካል ከወሰደች ደግሞ ደህና ብትመስልም፣ ብትስቅም፣ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ነው። አንዳንዱ ጉዳት ከአንድ ቀን በኋላ ነው የሚታየው። ወተትም ሌላም ነገር አታጠጪያት፣ ለማስመለስም አትሞክሪ። መኪና ካጣሽ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል።

መልሷ ምንም ይሁን ምን፣ በዚሁ ሳምንት አንድ ነገር አድርጊ። ቤት ውስጥ ያሉ መድኃኒቶችንና የተባይ ማጥፊያዎችን ሰብስበሽ ቆልፊባቸው፤ የማያስፈልገውን አስወግጂ። የትልቅ ሰው የደም ግፊት ክኒን ካለም ይቆለፍ። እሷን ስለምንጠረጥር አይደለም። እንዲህ ያለ የከፋ ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ መጥቶ ይሄዳል። ሲመጣ በእጅ ያለው ነገር ነው ልዩነቱን የሚያመጣው። የኩሽናውን ቢላ ሁሉ አሽሽቼ እንደ እስር ቤት ልኑር እንዳትይ ግን። ራሷ «ይሄ ከክፍሌ ቢወጣልኝ» የምትለው ነገር ካለ እሱን ተቀበያት። ቁስሉ ትኩስ ከሆነ በንጹሕ ውኃና በሳሙና ይታጠብ፣ በንጹሕ ጨርቅ ይሸፈን። አፉን ከከፈተ፣ በደንብ ለ10 ደቂቃ ተይዞም ደሙ ካልቆመ፣ ወይም ጣቷን ከደነዘዛት ጤና ጣቢያ ይታይ። የቴታነስ ክትባቷንም እዚያው ጠይቂ። ስታጥቢላት ሥራሽን ብቻ ሥሪ። ለቅሶም ስብከትም አያስፈልግም።

አሁን ወደ ባለቤትሽ ሐሳብ እንምጣ። ክፉ ሰው ነው አልልም። ስለ ፈራ ነው የሚቆጣው። ብዙ አባወራ ሲደነግጥ ድንጋጤው በቁጣ በኩል ነው የሚወጣው። ግን ግርፊያው ለምን እንደማይሠራ እንዲገባው፣ ጭረቱ ለልጅቷ ምን እየሠራላት እንደሆነ ማወቅ አለበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውስጧ በማትችለው ስሜት ይሞላል። ኀፍረት ሊሆን ይችላል፣ ቁጣ፣ ወይም «እኔ ለማንም አልረባም» የሚል ሐሳብ። አንዳንዶቹ ደግሞ ከመሙላት ይልቅ ባዶ መሆንን ነው የሚነግሩኝ፤ «የራሴ እጅ የሌላ ሰው እጅ መሰለኝ» ብላኛለች አንዷ። ሰውነት ሲጎዳ ትኩረት ሁሉ ወደዚያ ይሄዳል። ለጥቂት ደቂቃ የውስጡ ጩኸት ይቀንሳል። ያቺ ጥቂት ደቂቃ ናት ወጥመዷ። አእምሮ «ይሄ ይሠራል» ብሎ ይመዘግባል። ከዚያ ኀፍረቱ ይመጣል፣ መደበቁ ይመጣል፣ በሚቀጥለው ጊዜ የሚሸከሙት ነገር ይጨምራል። ዕዳን በብድር እንደ መክፈል ነው።

እንግዲህ ግርፊያ ምን ያደርጋል? የሚጨምረው ያንኑ ኀፍረትና ቁጣ ነው። ማለትም መነሻውን። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ ለባለሙያዎች ጭምር ራሱን የጎዳን ሰው መቅጣት ክልክል ነው ይላል፤ ቅጣቱ ሕክምና ተብሎ ቢጠራም።

አንድ ያየኋትን ልጅ ታሪክ ላውጋሽ። ማንነቷ እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ቀይሬዋለሁ። 15 ዓመቷ ነበር። አባቷ ባለቤትሽ የሚለውን ነው ያደረገው። መታት፣ ስልኳን ወሰደ፣ የመኝታ ቤቷን በር ከማጠፊያው ነቅሎ ሳሎን አስደገፈው። በየማታው ክንዷን እየገለጠ ያያል። ክንዷ ዳነ። ቤተሰቡ «ለቀቃት» ብሎ እፎይ አለ። እኔ ጋ የመጣችው ከሁለት ወር በኋላ ነው፤ ክንዷን ትታ ልብስ የሚሸፍነው ቦታ ላይ ቀጥላ ነበር። ስልኩም ስለተወሰደ ማታ ማታ የምታወራት ብቸኛዋ ጓደኛዋ አብራ ሄዳለች። ፍተሻው ያስተማራት መደበቅን ብቻ ነው።

እኔ ጋ ስትመጣ የሠራነው ሥራ ቀላል ይመስላል። አንድ ማታን ብቻ መርጠን ወደ ኋላ እየቆጠርን እንደ ሰንሰለት ዘረጋነው። በአጠቃላይ «ለምን ታደርጊዋለሽ?» ብትያት «እንጃ» ነው መልሱ፤ እውነትም አታውቀውም። «ማክሰኞ ማታ ምን ሆነ?» ሲባል ግን ይታወሳል።

ማክሰኞ በምሳ ሰዓት ጓደኞቿ እሷን የተዉ አዲስ የቴሌግራም ግሩፕ መክፈታቸውን ሰማች። ምሳዋን አልበላችም። ቤት ስትገባ ማንም «እንዴት ዋልሽ?» አላላትም፤ አባቷ የሒሳብ ፈተና ወረቀቱን ጠየቀ። ከ30 ያገኘችው 17 ነበር። «በዚህ ውጤት ነው እኔ የምለፋው?» አለ። እሷ ምንም አልመለሰችም። እራት አልበላም ብላ ገባች። ከሌሊቱ አምስት ሰዓት አልጋ ላይ ሆና የታናሽ ወንድሟን ስልክ ወስዳ የግሩፑን ፎቶዎች ታያለች። ደረቷ ጠበበ። «ባልኖር ይሻላቸዋል» የሚል ሐሳብ መጣ። ከዚያ ሰውነቷ የራሷ አልመስል አለ። ከዚያ ያው ሆነ። ለአፍታ ጸጥ አለ። ጠዋት እጅጌዋን ስትጎትት «እብድ ነኝ» አለች። ረቡዕ ደግሞ በዚያ «እብድ ነኝ» ተጀመረ።

አየሽ፣ ይህን ስንዘረጋው ጭረቱ ከብዙ ቀለበቶች አንዱ ብቻ ሆነ። ሰው ሁሉ እሱን ያየዋል፤ ለመበጠስ ግን ከሁሉም የሚያስቸግረው እሱ ነው። ከእሱ በፊት ያሉት ይቀላሉ። ከ12 ሰዓት በላይ ምንም ሳትቀምስ ነው የዋለችው፤ የተራበ ሰው ስሜት ቶሎ ይገነፍላል። አባቷ ወረቀቱን ከእራት በኋላ፣ ያውም በእናቷ በኩል እንዲያይ ተስማማ። እዚህ ላይ ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል፤ አባትን ማሳመን ልጅን ከማከም ይከብዳል። ስልኳ ተመለሰላት፤ ነገር ግን ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ የቤቱ ስልክ ሁሉ፣ የአባትየውም ጭምር፣ ሳሎን ቻርጅ ላይ እንዲያድር ተወሰነ። ለእሷ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቅጣት ይሆን ነበር።

አንድ ቀለበት ግን ቀረ። ደረቷ ሲጠብ ለእናቷ መናገር አለባት፤ ያኔ ደግሞ ቃል አይወጣትም። ስለዚህ ቃል እንዳያስፈልጋት አደረግን። «ሻይ ይኖራል?» ብላ ከክፍሏ ከወጣች እናቷ ምንም ሳትጠይቅ ሻይ ትጥዳለች። ሻዩ እስኪፈላ ልጅቷ ፊቷን በቀዝቃዛ ውኃ ትታጠባለች፣ ከዚያ ኩሽና በርጩማ ላይ ትቀመጣለች። ማውራት ግዴታ አይደለም። እንዲህ ያለው የስሜት ማዕበል ካልተቀጣጠለ ራሱ ይወርዳል፤ ሻዩ ያንን ጊዜ ያሻግራታል። በመጀመሪያው ሳምንት አንድም ቀን አልጠየቀችም። በሁለተኛው አንድ ጊዜ። በመጀመሪያው ወር ሁለት ጊዜ ወደ ድሮው ተመልሳለች። እናቷ «ቃል ገብተሽልኝ አልነበር?» ልትል ትችል ነበር፣ አላለችም። ቃል እንዳታስገባት ቀድሜ ስለነገርኳት ነው። «ሁለተኛ አልነካውም» ብላ የማለች ልጅ ስትወድቅ ሁለተኛ የሚጎዳት ነገር አላት፤ መሐላውን ማፍረሷ። ከዚያ በኋላ ምንም አትነግርሽም። እኛ ግን የወደቀችበትንም ማታ እንደ ማክሰኞው ዘረጋነው።

የአንቺ ልጅ ሰንሰለት ሌላ ነው፤ አንቺ ነሽ የምትደርሽበት። እኔ ብሆን የት አያለሁ መሰለሽ? የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ፈተና አለ። ከቤይሩት የሚመጣው ስልክ አለ። እናቶች ከሩቅ ሲደውሉ ብዙ ጊዜ የሚጠይቁት ሁለት ነገር ነው፤ «በልተሻል?» እና «ስንተኛ ወጣሽ?»። ልጅቷ በበኩሏ «እናቴ ለእኔ ብላ ሰው ቤት እየተንገላታች» የሚል ዕዳ ይዛ ነው የምታድገው። ያን ዕዳ የምትከፍለው በውጤት ብቻ ከመሰላት አንድ ዝቅተኛ ማርክ ብዙ ነገር ይንዳል። ምናልባት እንዲህ ላይሆንም ይችላል። ትምህርት ቤት የሚያስቸግራት ሰው ይኖራል። አንድ ሰው ያላግባብ ነክቷት እንደሆነም በጥንቃቄ ጠይቂ። ይህ ከተነሳ ግን የምርመራ ጥያቄ አታብዢባት፤ «ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» ብለሽ ወዲያው ወደ ባለሙያ ሂጂ።

«ሰው እንዲያያት ብላ ነው» የሚል ዘመድ አይጠፋም። ልጅቷ በሙቀት ሹራብ ለብሳ ድመት ስትፈጥር የነበረች ልጅ ናት። እንዲታይላት የፈለገች አትመስልም። ብትፈልግስ? መናገር ያልቻለ ሰው ምልክት ቢሰጥ የሚያስቆጣው ምኑ ነው?

የእናትሽን ሐሳብ አልንቅም። ልጅቷ ራሷ ጸበል ደስ የሚላት ከሆነ ሂዱ። የምፈራው ሌላ ነው። «ያዛት» ተብሎ ሰው ፊት እንድትለፈልፍ መደረጉ፣ በብርድ መንገላታቱ፣ ከዚያም «አልለቅ አላት» ተብሎ ወደ ሌላ ጸበል መዞሩ። ኀፍረት ለዚህች ልጅ ምን እንደሚያደርግ አይተሻል። ጸበሉም ሕክምናውም ጎን ለጎን ይሄዳሉ። እናትሽን «ጸሎቱን እርስዎ ይያዙልኝ፣ ሕክምናውን እኔ ልያዝ» በያቸው፤ ብዙ ጊዜ ይስማማሉ።

ሕክምናውስ የት ነው? አዲስ አበባ ከሆንሽ ሁሉም የሚያውቀው አማኑኤል ሆስፒታል አለ። ስሙ ለስድብ ስለዋለ ሰው ይሸሸዋል፤ እዚያ መታየት ማለት ግን እዚያ መተኛት ማለት አይደለም። ሌሎች ትልልቅ የመንግሥት ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ተመላላሽ ክፍል አላቸው። ከጤና ጣቢያ ሪፈር ታጽፊያለሽ። እንግዲህ ያ ልዩነት የሚጠቅምሽ እዚህ ነው። ራስን መጉዳት ብቻውን የሚድንበት ክኒን የለም። ሳይካትሪስቱ የሚያስፈልጋት ድባቴ ወይም ከባድ ጭንቀት ካለባት ነው። ሳምንቱን ሙሉ ፊቷ ካልፈታ፣ የምትወደውን ነገር ከተወች፣ እንቅልፏና ምግቧ ከተዛባ እሱን ጠርጥሪ። ከስሜት ጋር የመኖርን ችሎታ የምትማረው ግን በንግግር ሕክምና ነው፤ በአንድ ቀን አያልቅም፣ ወራት ይፈጃል። ባለሙያው ገና ሲያያት ስለ ጭረቱ ብቻ ከጮኸባት ሌላ ባለሙያ ፈልጊ። ይህን ስል እያፈርኩ ነው፤ ግን ያጋጥማል።

ትምህርት ቤት ለአንድ ሰው ብቻ ንገሪ። የምትቀርባት መምህርት ወይም ካውንስለሩ ይሁን። ቀድመሽ ለልጅቷ «ለእገሊት ልነግራት ነው፣ ይህን ያህል ብቻ» በያት። ዩኒት ሊደሩ ሰልፍ ላይ «አንዳንድ ተማሪዎች» ብሎ ንግግር እንዳያደርግ አደራ በያቸው። ነገሩ በዕድሜ እኩዮች መካከል ይዛመታል፤ በስብከት መልክ ሲነገርም ይዛመታል።

እንቅልፍ ካስገኘልሽ አንድ ነገር ልጨምር። በአውስትራሊያ ቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት ተማሪዎችን ከ14ና 15 ዓመታቸው አንሥቶ እስከ 29 ዓመታቸው ድረስ የተከታተለ ጥናት ነበር። በጉርምስና ራሳቸውን ይጎዱ ከነበሩት ከ10 ዘጠኙ ጎልማሳ ሲሆኑ ትተውታል። ልማዱ ይተዋል። የጀመረበት ድባቴና ጭንቀት ግን ሳይታከም አብሮ ሊያድግ ይችላል። ስለዚህ ክንዷን ብቻ አትመልከቺ።

ለእናቷ መንገር አለብሽ። እናት ናት፤ ከሦስተኛ ሰው ብትሰማው አትችለውም። መጀመሪያ ልጅቷን አስፈቅጂ። «አትንገሪያት» ካለች ምን እንደምትፈራ ጠይቂያት፤ አብዛኛውን ጊዜ «ታለቅሳለች» ነው። «እንድታለቅስ እኔ ጋ አደርጋለሁ» በያት። ከዚያ ልጅቷ ትምህርት ቤት በሆነችበት ሰዓት፣ እህትሽም አሠሪዎቿ አጠገብ በሌሉበት ሰዓት ደውዪ። «ልጅሽ ደህና ናት፣ አጠገቤ ናት» የሚለውን አስቀድሚ፤ ከዚያ በፊት የሚነገር ነገር ሁሉ አይሰማም። ቀጥለሽ ያየሽውን፣ ያደረግሽውን፣ የምትሄጂበትን ሆስፒታል ንገሪያት። ትጮኻለች። «በእኔ ምክንያት ነው» ትላለች፣ «ትኬት ቆርጬ ልምጣ» ትላለች፣ አንቺንም ትወቅስሽ ይሆናል። አትመልሺላት፣ ስሚያት። ያን የመጀመሪያውን ለቅሶ አንቺ ተቀበዪው። ልጅቷን የምታገኛት በማግሥቱ ይሁን፤ ያኔም ስለ ክንዷ ሳይሆን ፀጉሯን ማን እንደሠራት ትጠይቃት።